የላብ ሪፖርት ማጠቃለያ እንዴት ይጻፋል? የፔንዱለም ሙከራን ይዘን እንየው

ማጠቃለያውን ከመጀመርህ በፊት ወደ ሪፖርቱ መግቢያ ተመለስና ዓላማውን ቃል በቃል ገልብጠህ ፊትህ አስቀምጠው። የፔንዱለም ሙከራ ሠርተሃል እንበል። ዓላማው «የመሬት ስበት ሽምጠትን፣ g ን፣ በፔንዱለም መለካት» ይላል። ስለዚህ ማጠቃለያው መጀመሪያ መመለስ ያለበት አንድ ጥያቄ ነው፤ g ስንት ሆነ? ብዙ ተማሪ ግን «ሙከራው የተሳካ ነበር፣ ብዙ ተምረናል» ብሎ ይጀምራል። ይሄ ለጥያቄው መልስ አይሆንም።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መልሱን ከነመለኪያውና ከነስህተት ወሰኑ ይናገር። «የተገኘው g 9.75 ± 0.10 m/s² ነው።» በቃ።

ቀጥሎ ማስረጃው ይመጣል። ሰንጠረዡን እንደገና አትገልብጥ፤ መልሱን የወለደውን አንድ ነገር ምረጥ። ክሩን ከ20 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር እየቀያየርክ የ20 ውዝዋዜ ጊዜ ለክተህ፣ ከዚያ የአንዱን ውዝዋዜ ጊዜ ካሬ፣ T²ን፣ ከርዝመቱ L ጋር በግራፍ አስቀምጠህ ከሆነ፣ ማስረጃህ የግራፉ ስሎፕ ነው። ስሎፑ 4π²/g ስለሆነ፣ 4.05 s²/m ካገኘህ 39.48ን ለ4.05 አካፍለህ 9.75 ላይ ትደርሳለህ።

አሁን ከታወቀው 9.81 ጋር አነጻጽር። ወሰንህ ከ9.65 እስከ 9.85 ስለሆነ 9.81 ውስጡ ይገባል። «ይስማማል» በል፣ «አረጋገጥን» አትበል። ወሰንህ 0.03 ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን አይስማማም ነበር፣ ያኔ ምክንያት መስጠት ይኖርብሃል። የምትሰጠው ምክንያት ደግሞ ውጤቱ ካዘነበለበት አቅጣጫ ጋር መሄድ አለበት። ለምሳሌ ፔንዱለሙን በሰፊ አንግል መልቀቅ T ን ያረዝማል፣ g ን ዝቅ ያደርጋል፤ ስለዚህ ያስኬዳል። ርዝመቱን ሁሌ በእኩል መጠን አሳንሶ መለካት ግን መስመሩን ወደ ጎን ያንሸራትተዋል እንጂ ስሎፑን አይነካም።

አዲስ ነገር ሾልኮ የሚገባው እዚህ ጋር ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋም ለምድር ወገብ ያላት ቅርበትም g ን ከ9.81 ትንሽ ዝቅ ያደርጉታል። እውነት ነው፣ ግን ውይይቱ ክፍል ላይ ካልጻፍከው ማጠቃለያው ላይ ድንገት አታምጣው። በመጨረሻ ሰዓት የደገምከው ልኬትም ቦታው ውጤት ክፍል ነው። ለማጣራት ማጠቃለያህ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ቁጥርና ምክንያት በጣትህ እየነካህ ቀደም ባሉት ገጾች ፈልገው። ካጣኸው ወይ ወደ ቦታው ውሰደው ወይ ሰርዘው።

ሲያልቅ ይህን ይመስላል፦ «የተገኘው g 9.75 ± 0.10 m/s² ነው። ዋጋው የተሰላው ቀጥ ካለው የT² እና የL ግራፍ ስሎፕ፣ 4.05 s²/m፣ ነው። የታወቀው 9.81 በስህተት ወሰኑ ውስጥ ስለሚወድቅ ውጤቱ ከእሱ ጋር ይስማማል።»