ፈተናው 4 ሳምንት ሲቀረው አንኪ ካርዱን ወደ ፈተናው ማግስት ከወሰደባችሁ

አንዲት ጓደኛዬ የባዮኬሚስትሪ ማጠቃለያ ፈተናዋ 28 ቀን ሲቀረው "ካርዶቼ ጠፉብኝ" ብላ ደወለችልኝ። በአንኪ የክለሳ አፕ 600 ካርድ አላት። 420ዎቹን ቢያንስ አንዴ አይታቸዋለች፣ 180ዎቹ ገና አልተነኩም። ሴሚስተሩን ሙሉ በየቀኑ ስትከልስ ቆይታ፣ አሁን ጭንቀቱ ሲመጣ አፑ የሚያሳያት በቀን 25 ካርድ ብቻ ሆነ። ካርዶቹ ግን አልጠፉም። ከፈተናው ወዲያ ማዶ ነበሩ።

ከዚህ በታች ያለው በአብዛኛው የእሷ ታሪክ ነው። የሌሎች ሰዎችን ተመሳሳይ ስህተትም ጨምሬበታለሁ።

ምልክት፦ የዕለቱ ክለሳ በጣም ቀለለ፣ አንዳንድ ርዕስ ከነጭራሹ መምጣት አቆመ

ምክንያቱ ቀላል ነው። አፑ ፈተና የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም። የሚያውቀው ካርዱን ልትረሱት ስትሉ ማምጣትን ነው፣ ይህንንም የሚያሰላው ዕድሜ ልካችሁን እንደምትከልሱ አድርጎ ነው። በነባሩ ስሌት፣ Good የሚለውን ቁልፍ እየነካችሁ ስትሄዱ ካርዱ እስኪመለስ ያለው ክፍተት በየጊዜው በ2.5 ገደማ ይባዛል። 1 ቀን፣ ከዚያ 3፣ 8፣ 20፣ 50። ስለዚህ 14 ቀን የነበረውን ካርድ ዛሬ Good ካላችሁት የሚመለሰው ከ35 ቀን በኋላ ነው። ያኔ ውጤት ለጥፈው ይሆናል።

መጀመሪያ የችግሩን ስፋት እዩ። Browse ውስጥ ይህንን ፈልጉ፦

```
deck:Biochem prop:due>=28
```

28 የሚለው ቦታ ላይ ለፈተናችሁ የቀረውን ቀን አስገቡ፣ Biochem የሚለውንም በራሳችሁ ዴክ ስም ቀይሩት። የጓደኛዬ 130 ሆኖ ወጣ። ካየቻቸው 420 ካርዶች 130ዎቹን ከፈተናው በፊት አንድም ጊዜ አታገኛቸውም ነበር ማለት ነው።

መፍትሄው ሁለት ደረጃ አለው፣ ሰዎች ብዙ ጊዜ አንዱን ብቻ ሠርተው ይቀመጣሉ። አንደኛው፣ በዴኩ መቼት ውስጥ Maximum interval የሚለውን ዝቅ ማድረግ ነው። ሲመጣ 36500 ነው፣ መቶ ዓመት። የእሷን 12 አደረግነው። ለምን 12? የመጨረሻዎቹን 6 ቀናት ለሌላ ነገር ስለምንፈልጋቸው የሚቀሩት 22 ናቸው፣ በ12 ቀን ጣሪያ ደግሞ ዛሬ የምትመልሱት ካርድ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ አንዴ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። (ከመንካታችሁ በፊት ግን መቼቱን በ Clone Preset አባዙት። አንድ መቼት ብዙ ዴኮች ይጋሩታል። ይህን ሳያደርግ የቀየረ አንድ ልጅ ከዚያ በኋላ የመለሳቸው የቋንቋ ካርዶቹም ክፍተት ተሰብስቦ ቀረ።)

ሁለተኛው ደረጃ የሚረሳው ነው። ጣሪያው የሚሠራው ከአሁን በኋላ በምትመልሷቸው ካርዶች ላይ እንጂ አስቀድሞ ቀን በተቆረጠላቸው ላይ አይደለም። እነዚያ 130 ካርዶች አሁንም እዚያው ማዶ ናቸው። ስለዚህ በፍለጋው የወጡትን በሙሉ ምረጡና በ Set Due Date ይህንን ጻፉ፦

```
8-18
```

አፑ ከ8ኛው እስከ 18ኛው ቀን ባለው ውስጥ በዘፈቀደ ይበትናቸዋል፣ በቀን 12 ገደማ ይደርሳል። አንድ ቁጥር ብቻ ብትጽፉ፣ ለምሳሌ 8፣ 130ውም በአንድ ቀን ይወርዱባችኋል።

ምልክት፦ ጣሪያውን አጠበብኩት፣ አሁን ደግሞ ክምሩ አላልቅ አለ

ጓደኛዬ ከ12 በፊት የሞከረችው 3 ነበር። ምክንያቷ "ቶሎ ቶሎ ካየሁት አልረሳውም" ነው። ለማየት ያህል ሒሳቡን እንሥራው። የካርዱን ብዛት ለክፍተቱ ስታካፍሉ የዕለቱን ጭነት በግምት ታገኛላችሁ። 600 ለ3 ሲካፈል በቀን 200 ነው፣ የተሳሳቱት ሲደጋገሙ ሳይቆጠር። በ12 ቀን ግን 50 ነው።

ጭነቱ ብቻ ቢሆን ምን አለበት፣ ትንሽ ታግሦ መሥራት ነው። ትልቁ ጉዳት ሌላ ነው። ከሁለት ቀን በፊት ያያችሁትን ካርድ መመለስ ቀላል ነው፣ ቀላል ስለሆነም ብዙ አይጠቅምም። ማስታወስ የሚያጠነክረው ትንሽ ሲያስለፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሴፔዳና ባልደረቦቹ ከ1300 በላይ ሰዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ፈተናው በሳምንት ውስጥ ሲሆን የተሻለው ክፍተት የዚያ ጊዜ ከ20 እስከ 40 በመቶ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ፈተናው አንድ ዓመት ሲርቅ ደግሞ ከ5 እስከ 10 በመቶ። የእኛ አራት ሳምንት መሀል ላይ ነው። እንግዲህ አሁን ጣሪያውን ወደ 3 ቀን ያጠበበ ሰው በመጨረሻው ሳምንት የሚገባውን ክፍተት አራት ሳምንት ሲቀረው እያባከነ ነው። ጥናቱ የለካው አንድ ጊዜ ብቻ መከለስን ስለሆነ ቁጥሩን እንደ ሕግ አትያዙት፣ አቅጣጫው ግን ይኸው ነው።

የምትጠቀሙት FSRS የተባለውን አዲሱን የአንኪ ስሌት ከሆነ፣ Desired retention የሚለውን ከ0.90 ወደ 0.97 ማውጣት ያጓጓል። ያንኑ ክምር ነው በሌላ በር የሚያስገባው። ጣሪያውን አውርዱና እሱን ባለበት ተዉት።

ምልክት፦ ማታ አውቀዋለሁ፣ ጠዋት የለም

ይህ ከክፍተት ጋር የማይያያዝ ሊሆን ይችላል፣ ሰው ግን ሁሌ ክፍተቱን ነው የሚወቅሰው። Stats ውስጥ True Retention የሚለውን እዩ። ከ80 በመቶ በታች ከሆነ ሦስት ነገር መርምሩ።

የመጀመሪያው ቁልፉ ነው። Hard ማለት "ትዝ አለኝ ግን ተቸገርኩ" ነው፣ አፑ እንደ ትክክል መልስ ይቆጥረዋል። ረስታችሁት እያለ ለራሳችሁ አዝናችሁ Hard ከነካችሁ፣ 10 ቀን የነበረው ካርድ ወደ 12 ይሄዳል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም። ጓደኛዬ ይህን ስነግራት ዝም አለች፣ ከዚያ "ግማሹን እንዲያ ነበር የማደርገው" አለችኝ። ረሳችሁ፣ Again። ሌላ ቁልፍ የለውም።

ሁለተኛው፣ ካርዱ ራሱ ነው። "የክሬብስ ዑደት ደረጃዎችን ዘርዝር" የሚል ካርድ ስምንት መልስ ያለው አንድ ጥያቄ ነው፣ አንዱን ስትረሱ ሁሉም ይወድቃል። ክፍተቱን ብታጠቡት ለውጥ የለውም። ቆራርጡት፦ ሲትሬት ወደ ምን ይቀየራል፣ በየትኛው ኢንዛይም፣ ቀጥሎስ። አንድ ካርድ አንድ መልስ።

ሦስተኛው ደግሞ ካርዱ ከነጭራሹ ያልገባችሁ ነገር ሲሆን ነው። ይሄን ለማወቅ ጥያቄውን በሌላ አነጋገር ለራሳችሁ ጠይቁ፣ መልሱ ካልመጣ የያዛችሁት የዓረፍተ ነገሩን ቅርጽ ነው። ወደ ማስታወሻችሁ ተመለሱ፣ ካርዱ ይጠብቃል። ብዙ ጊዜ የወደቀ ካርድ leech የሚል ምልክት ይለጠፍበታል፣ እንደ መቼቱም ድምፁን አጥፍቶ ከወረፋ ሊወጣ ይችላል። tag:leech ብላችሁ ፈልጉና የታገደ ካለ ቆራርጣችሁ መልሱት።

ምልክት፦ ፈተናው 5 ቀን ቀርቶታል፣ አዲስ ካርድ አሁንም ይመጣል

እዚህ ላይ ብዙ የምለው የለም፣ ወደ ኋላ ቆጥራችሁ አልጀመራችሁም። ለፈተናው 5 ቀን ሲቀረው የተጀመረ ካርድ በ1 እና በ3 ቀን ሁለት ጊዜ ታይቶ ያበቃል። አዲስ ካርድ 10 ቀን ሲቀር ይዘጋ። ከ28 ላይ 10 ሲቀነስ 18፣ ያልተነኩት 180 ለ18 ሲካፈሉ በቀን 10። New cards/day ላይ የሚገባው ይህ ቁጥር እንጂ 20 የሚለው ነባሩ አይደለም። ካርዱ 500 ሆኖ በቀን 28 የሚደርስ ከሆነ ደግሞ ሁሉንም ለማየት አትሞክሩ፣ ፈተና ላይ ደጋግመው የሚወጡትን ርዕሶች አስቀድሙና የቀረውን አግዱት። ያማል፣ አውቃለሁ።

ምልክት፦ ሦስት ቀን አመለጠኝ፣ ክምሩ አስፈራኝ

አዲስ ካርድን 0 አድርጉ፣ ክምሩን ለሦስት ቀን ተካፈሉት። አንድ ወጥመድ አለ። Maximum reviews/day 200 ላይ ከሆነ አፑ 340 ካርድ ቢኖርም 200 ብሎ ያሳያችኋል፣ የቀረውን ይደብቀዋል፣ እናንተም ጨረስን ትላላችሁ። ቁጥሩን 9999 አድርጉና እውነቱን እዩ፣ ከዚያ በራሳችሁ ፈቃድ 115 ላይ አቁሙ።

የመጨረሻዎቹ 6 ቀናት

እዚህ አፑ የሚያሰላውን ቀን እንተወዋለን። የምንፈልገው እያንዳንዱ ካርድ ከፈተናው በፊት ባሉት ስድስት ቀናት አንድ ጊዜ እንዲታይ ነው። Filtered Deck ፍጠሩ፣ መፈለጊያው ላይ ይህን አስገቡ፣ ገደቡን 150፣ ቅደም ተከተሉን Oldest seen first አድርጉት፦

```
deck:Biochem
```

6፣ 5፣ 4 እና 3 ቀን ሲቀር በየቀኑ Rebuild አድርጋችሁ 150 ሥሩ። ቅድሚያ የሚሰጠው ካየነው ብዙ ጊዜ ለሆነው ስለሆነ በአራት ቀን 600ው ያልቃል። ለአንዱ ካርድ 15 ሰከንድ ብትወስዱ 40 ደቂቃ አይሞላም። ጓደኛዬ በመጀመሪያው ቀን 31 ካርድ ወደቀባት፣ ደነገጠች። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ፣ እነዚያ 31 ካርዶች ፈተናው ላይ ሳይሆን ቤቷ ወደቁ።

ሁለትና አንድ ቀን ሲቀር መፈለጊያውን በዚህ ቀይሩት፦

```
deck:Biochem rated:7:1
```

በሰባት ቀን ውስጥ Again ያላችኋቸው ብቻ ይመጣሉ። የእሷ 94 ነበሩ፣ ሁለት ቀን ሰጠናቸው። ከዚያ ውጭ ያለውን አትክፈቱ፣ አውቃችሁ የመለሳችሁት ካርድ በሁለት ቀን ውስጥ ከአእምሯችሁ አይጠፋም።

ፈተናው እንዳለቀ ትምህርቱ በሚቀጥለው ሴሚስተር የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ Maximum interval ወደ 36500 መልሱት። ጓደኛዬ ረሳችው፣ 600 ካርድ በየ12 ቀኑ እየተመላለሰ የዕረፍቷን ሁለት ሳምንት በላባት።