የኤይት ቦልና የናይን ቦል ክርክሮች፦ ምልክታቸው፣ ምክንያታቸውና መፍትሄያቸው

ኤይት ቦልና ናይን ቦል በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በተመሳሳይ ስቲክና ኳስ ስለሚጫወቱ ብዙ ተጫዋቾች የአንዱን ሕግ ሳይታወቃቸው ወደ ሌላው ይዘው ይገባሉ። በፑል ጠረጴዛ ዙሪያ ከሚነሱት ክርክሮች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚሁ ነው። በኤይት ቦል 15ቱም ኳሶች ይደረደራሉ፤ አንዱ ተጫዋች ከ1 እስከ 7 ያሉትን ባለ ሙሉ ቀለም፣ ሌላው ከ9 እስከ 15 ያሉትን ባለ መስመር ኳሶች ከጨረሰ በኋላ 8 ቁጥርን ያስገባል። በናይን ቦል ግን ከ1 እስከ 9 ያሉት ብቻ ይደረደራሉ፤ ኳሶቹም የሁለቱም ተጫዋቾች ናቸው። ነጯ ኳስ ሁልጊዜ በጠረጴዛው ላይ ከቀሩት ውስጥ ትንሹን ቁጥር አስቀድማ መንካት አለባት፤ 9 ቁጥርን በትክክለኛ ምት ያስገባ ያሸንፋል። ከዚህ በታች ያሉት መፍትሄዎች የዓለም ፑልና ቢሊያርድ ማኅበር የሚከተላቸውን ሕጎች መሠረት ያደረጉ ናቸው። የየቤቱ ደንብ ሊለያይ ስለሚችል፣ ተጫዋቾች ከመጀመሪያው ምት በፊት በየትኛው እንደሚጫወቱ ቢስማሙ ይመረጣል።

ችግር፦ ብሬክ ተመታ፣ ምንም ኳስ አልገባም፤ ይደገም ወይስ ይቀጥል?

በሁለቱም ጨዋታዎች፣ በብሬክ፣ ማለትም ጨዋታውን በሚከፍተው ምት፣ ምንም ኳስ ካልገባ ከነጯ ውጭ ቢያንስ አራት ኳሶች የጠረጴዛውን ጠርዝ መንካት አለባቸው። ይህ ሳይሟላ ሲቀር የሚከተለው ውጤት ግን በሁለቱ ጨዋታዎች ይለያያል። በኤይት ቦል ተጋጣሚው ኳሶቹን ባሉበት ተቀብሎ ሊጫወት፣ እንደገና አስደርድሮ ራሱ ብሬክ ሊመታ፣ ወይም የመጀመሪያው ተጫዋች እንዲደግም ሊያደርግ ይችላል። በናይን ቦል ግን ይህ ፋውል ስለሆነ ተጋጣሚው ነጯን በእጁ ይዞ በፈለገበት ቦታ ያስቀምጣል። ከዚህም ሌላ በናይን ቦል ብሬክ ነጯ አስቀድማ 1 ቁጥርን መንካት አለባት።

አራት ኳስ ወደ ጠርዝ የማይደርሰው ሁልጊዜ ምቱ ደካማ ስለሆነ አይደለም። ኳሶቹ ሲደረደሩ በመካከላቸው ክፍተት ከቀረ፣ የምቱ ኃይል ከአንዱ ወደ ሌላው በሚገባ አይተላለፍም፤ በጠንካራ ምትም ቢሆን ጥቅሉ ተሰብስቦ ይቀራል። ስለዚህ መደርደሪያው ከመነሳቱ በፊት ኳሶቹ እርስ በርስ መነካካታቸውን ጎንበስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ በተለይ ከፊተኛዋ ኳስ ጀርባ ያሉት ሁለቱ ኳሶች ሊፈተሹ ይገባል። በኤይት ቦል 8 ቁጥር በሦስተኛው ረድፍ መሀል ትቀመጣለች፤ በኋለኞቹ ሁለት ማዕዘኖች ደግሞ አንድ ባለ ሙሉ ቀለምና አንድ ባለ መስመር ይደረጋሉ። በናይን ቦል 1 ቁጥር ከፊት፣ 9 ቁጥር ከመሀል ትሆናለች።

ነጯ በብሬክ ቀዳዳ ውስጥ ከገባች በኤይት ቦል ተጋጣሚው የሚያስቀምጣት ከመነሻ መስመር በስተኋላ ብቻ ነው፤ በናይን ቦል ግን የትም ቦታ ማስቀመጥ ይችላል። መስመሩ ተስሎ ባይታይም፣ በረጃጅሞቹ ጠርዞች ላይ ካሉት ምልክቶች መካከል ከብሬክ መምቻው ጫፍ ተቆጥሮ ሁለተኛ የሆኑትን ሁለቱን በዓይን በማገናኘት ይገኛል።

ችግር፦ ኳሷ ገብታለች፣ ተጋጣሚው ግን «አልጠራሃትም» ይላል።

መጥራት ግዴታ የሆነው በኤይት ቦል ነው። ከብሬክ በስተቀር በእያንዳንዱ ምት ተጫዋቹ የትኛውን ኳስ በየትኛው ቀዳዳ እንደሚያስገባ ያስታውቃል፤ ለሁሉም ግልጽ የሆነ ምት ግን በቃል መነገሩ አያስፈልግም። ኳሷ በመንገዷ ስንት ጠርዝ እንደምትነካ ወይም ከየትኛው ኳስ ጋር እንደምትጋጭ መግለጽም ግዴታ የለበትም፤ ይህን የሚጠይቅ ተጋጣሚ ከሕጉ በላይ ይጠይቃል። ያልተጠራች ኳስ ከገባች እዚያው ትቀራለች እንጂ አትመለስም፤ የተጠራችው ካልገባች ግን ተራው ያልፋል።

በናይን ቦል መጥራት የለም። ለምሳሌ በጠረጴዛው ላይ 3፣ 6 እና 9 ቁጥሮች ቀርተዋል፤ 9 ቁጥርም በማዕዘን ቀዳዳ አፍ ላይ ቆማለች እንበል። ተጫዋቹ 3ን በጎን ቀዳዳ ሊያስገባ መታ፤ 3 ስታ ዞረችና 9ን ገፍታ አስገባቻት። ነጯ አስቀድማ 3ን ስለነካች፣ ሌላ ፋውልም ስላልተፈጸመ፣ ያልታሰበ ቢሆንም ተጫዋቹ አሸንፏል። ነጯ አስቀድማ 6ን ነክታ ቢሆን ግን ፋውል ነው፤ 9 ቁጥር ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፤ ተጋጣሚውም ነጯን በእጁ ይዞ ይጫወታል።

ችግር፦ የራሴን ኳስ አስቀድሜ ነክቻለሁ፤ ታዲያ ለምን ፋውል ተባለ?

ይህ በሁለቱም ጨዋታዎች ከሁሉም በላይ የሚረሳ ሕግ ነው። ነጯ ትክክለኛዋን ኳስ ከነካች በኋላ አንዲት ኳስ መግባት፣ ወይም ነጯን ጨምሮ ማንኛዋም ኳስ ጠርዝ መንካት አለባት። ችግሩ የሚታየው ተጫዋቹ ለመከላከል ብሎ ነጯን ቀስ አድርጎ አስጠግቶ ከኳሷ ኋላ ሲደብቃት ነው፤ ንኪኪው ተፈጽሟል፣ ከዚያ በኋላ ግን ወደ ጠርዝ የደረሰ ኳስ የለም። ከምቱ በፊት ጠርዝ ተደግፋ የነበረች ኳስም እዚያው በመቆየቷ ብቻ እንደነካች አትቆጠርም፤ ለቅቃ መመለስ ወይም ሌላ ጠርዝ መንካት ይኖርባታል። መፍትሄው፣ ከመምታት በፊት «የትኛዋ ኳስ ጠርዝ ትደርሳለች?» ብሎ መወሰን ነው። ለመከላከል በሚመታ ምት፣ የሚነካውን ኳስ ከጎኑ ቀጠን አድርጎ መትቶ ነጯን ወደ ጠርዝ መስደድ አብዛኛውን ጊዜ ይቀልላል።

ከዚህ ጋር የሚምታታው ድርብ ምት ነው። ነጯና የምትመታው ኳስ ተቀራርበው ሳይነካኩ ሲቀሩ፣ ቀጥታ የሚገፋ ስቲክ ነጯን ሁለት ጊዜ ይነካታል። ምልክቱ፣ ነጯ ከግጭቱ በኋላ ቆም ሳትል ከኳሷ ጋር እኩል ወደፊት መሮጧ ነው። መፍትሄው የምቱን አቅጣጫ ወደ ጎን ማድረግ ነው።

ችግር፦ በ8 ቁጥር ላይ ፋውል ሲፈጸም ጨዋታው ወዲያው ያበቃል?

ሁልጊዜ አይደለም። ከብሬክ በኋላ ተጫዋቹ የሚሸነፈው 8 ቁጥርን ፋውል በሆነ ምት ሲያስገባ፣ የራሱን ኳሶች ሳይጨርስ ሲያስገባ፣ ካልጠራው ቀዳዳ ሲያስገባ ወይም ከጠረጴዛው ውጭ ሲያስወጣት ነው። የመጨረሻ ኳሱንና 8ን በአንድ ምት ካስገባም ተሸንፏል። 8ን ሊመታ ሞክሮ ነጯ ብቻ ከገባች፣ 8 ግን በጠረጴዛው ላይ ከቀረች፣ ጨዋታው ይቀጥላል፤ ተጋጣሚው ነጯን በእጁ ይዞ ይጫወታል። በብዙ ቦታ ይህ ሽንፈት ተደርጎ ሲቆጠር ስለሚታይ ልዩነቱን አስቀድሞ መነጋገር ይገባል። 8 ቁጥር በትክክለኛ ብሬክ ከገባችም ማሸነፊያ አይደለችም፤ የመታው ተጫዋች 8ን ወደ ቦታዋ መልሶ ሊቀጥል ወይም ብሬኩን ሊደግም ይመርጣል። በናይን ቦል ግን 9 ቁጥር በትክክለኛ ብሬክ ከገባች ጨዋታው በዚያው ያበቃል።

ችግር፦ በናይን ቦል ከብሬክ በኋላ ትንሹ ቁጥር ተሸፍኗል።

ከብሬክ ቀጥሎ ባለው ምት ብቻ ተጫዋቹ «ፑሽ አውት» ብሎ አስታውቆ ነጯን ወደሚመቸው ቦታ ሊገፋት ይችላል። በዚህ ምት ትንሹን ቁጥር መንካትም ሆነ ጠርዝ ማድረስ ግዴታ አይደለም። ከዚያ በኋላ ተጋጣሚው ወይ ራሱ ይጫወታል ወይ ተራውን ይመልሳል። ስለዚህ ነጯን ለራስ የማያስቸግር፣ ለተጋጣሚም የማያጓጓ ቦታ ማድረስ ያስፈልጋል። ሳያስታውቅ የገፋ ሰው ምቱ እንደ ተራ ምት ይታያል፤ ትንሹን ቁጥር ካልነካ ፋውል ሆኖ ይቆጠርበታል። ይህ መቆጠሩ ቀላል አይደለም፤ በናይን ቦል ሦስት ተከታታይ ፋውል የፈጸመ ተጫዋች ያንን ጨዋታ ይሸነፋል። ተጋጣሚው ግን ከሁለተኛው በኋላ፣ ሦስተኛው ምት ከመመታቱ በፊት ሊያስጠነቅቀው ይገባል፤ ካላስጠነቀቀው ሦስተኛው እንደ ሁለተኛ ይቆጠራል።