ሁለት ብድር ያለበት ቤት ሲሸጥ ገንዘቡ ቀድሞ ለማን ይደርሳል?

የምናየው የእንግሊዝንና የዌልስን አሠራር ነው። ለንደን ውስጥ ቤት በሞርጌጅ ገዝቶ፣ ቆየት ብሎ ያንኑ ቤት አስይዞ ከሌላ አበዳሪ የተበደረ ሰው እንዲህ ያሰላል።

1. መዝገቡን አውጡ። የቤቱን መዝገብ ግልባጭ ማንም ሰው ከላንድ ሬጅስትሪ ከፍሎ ማውጣት ይችላል። መያዣዎቹ የሚጻፉት በመጨረሻው ክፍል ነው። አበዳሪዎቹ ተራ ለመቀያየር ካልተስማሙ በስተቀር፣ መዝገቡ ላይ ቀድሞ የሰፈረው ቀድሞ ይከፈለዋል። የሁለተኛው ብድር ቢበልጥም ተራው አይለወጥም። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም የሚከተለው የምዝገባን ቀን ነው።

2. ሁለቱንም አበዳሪዎች የመዝጊያ ሂሳብ ጠይቁ። ሽያጩ ያልቃል የምትሉትን ቀን ጥቀሱ፤ ወለድ በየቀኑ ስለሚጨምር የወር ደረሰኝ ላይ ያለው ቁጥር አይበቃም። ውዝፍ ወለድና አበዳሪው ያወጣው ወጪም አብረው ይገባሉ። የመጀመሪያው አበዳሪ ሂሳብ ባበጠ ቁጥር ለሁለተኛው የሚተርፈው ይሳሳል።

3. ከላይ ወደ ታች ቀንሱ። ለመጀመሪያው 216,000፣ ለሁለተኛው 70,000 ፓውንድ ዕዳ አለ እንበል። ቤቱ በ300,000 ተሸጠ። የደላላና የጠበቃ 8,000 ሲነሳ 292,000 ይቀራል። የመጀመሪያው ሙሉውን ሲወስድ 76,000፣ ሁለተኛው የራሱን ሲወስድ ለባለቤቱ 6,000 ይተርፋል።

አሁን ዋጋውን ወደ 280,000 አውርዱት። የመጀመሪያው አሁንም ምንም አይጎድልበትም። ሁለተኛው ግን የሚደርሰው 56,000 ብቻ ነው። ጉድለቱን ሁለቱ አይካፈሉትም። የቀረው 14,000 ቤቱ ስለተሸጠ አይሰረዝም፤ መያዣ የሌለው ዕዳ ሆኖ ተበዳሪው ላይ ይቆያል።

4. ጉድለት ካለ ከመፈራረማችሁ በፊት ሁለተኛውን አነጋግሩ። ብዙ ሰው የሚጣበቀው እዚህ ጋ ነው። ባለቤቱ ራሱ ሲሸጥ የገዢው ጠበቃ ሁለቱም መያዣዎች እንዲነሱ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሙሉ ካልተከፈለው መያዣውን የማንሳት ግዴታ የለበትም። ስለ 14,000ው አከፋፈል ተስማምታችሁ ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ። በግዴታ የሚሸጠው የመጀመሪያው አበዳሪ ከሆነ ግን የሁለተኛው ፈቃድ አያስፈልግም፤ መያዣው ከቤቱ ላይ ይነሳል፣ ትርፍ ካለ ይደርሰዋል።

5. የመጀመሪያው አበዳሪ ቆይቶ የጨመረው ብድር ካለ ለብቻው እዩት። ሁለተኛው መያዣውን ካስመዘገበና ለመጀመሪያው ካሳወቀው በኋላ የተሰጠ ተጨማሪ ብድር፣ በደፈናው ከፊት አይሰለፍም። ቀድሞ የሚከፈለው ሁለተኛው ከተስማማ፣ ወይም አስቀድሞ የማበደር ግዴታ ወይም የብድሩ ጣሪያ መዝገቡ ላይ ሰፍሮ ከነበረ ነው። ከላይ ካለው 216,000 ውስጥ 10,000ው እንዲህ ያለ ብድር ቢሆን፣ በ280,000 ሽያጭ ሁለተኛው 66,000 ያገኛል። ስለዚህ የመዝጊያ ሂሳቡ በአንድ ድምር ከመጣላችሁ ተዘርዝሮ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።