የቡና ቦታው ቄጠማ እንግዳ ሳይመጣ ሲጠወልግ

ለእንቁጣጣሽ በዋዜማው የገዛሁት ቄጠማ በማግስቱ ጫፉ ቢጫ ሆኖ ይጠቀለል፣ ከሥሩ የተነጠፈው ሰሌንም ረጥቦ ይሸት ነበር። በመጀመሪያ በፌስታል ቋጥሬ አሳደርኩት፤ ታፍኖ ሞቀና መሀሉ ጠቆረ። ቀጥሎ ከጎዘጎዝኩት በኋላ ውኃ ረጨሁበት፤ ቄጠማው አላገገመም፣ ሰሌኑ ግን ይበልጥ ራሰ።

መፍትሔ የሆነኝ፣ እስሩን ሳልፈታ የተቆረጠውን ጫፍ አራት ጣት ያህል ውኃ ባለው ባልዲ ውስጥ አቁሜ፣ አናቱን በእርጥብ ስስ ጨርቅ ሸፍኜ ቀዝቃዛ ቦታ ማሳደሬ ነው። ጠዋት ውኃውን በደንብ አራግፌ፣ ቡናው ሊቆላ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው በባዶው ወለል ላይ ጎዘጎዝኩት፤ ሰሌኑን ደግሞ ከቄጠማው ሥር ሳይሆን ከዳር፣ ለመቀመጫ ብቻ አነጠፍኩት። በከሰል ምድጃው ዙሪያ አንድ ክንድ ያህል ባዶ ቦታ ተውኩ፤ አደይ አበባውንም ሙቀቱ እንዳያጠወልገው ውኃ ባለው ብርጭቆ ከረከቦቱ ማዶ አቆምኩት። የመጨረሻው ሲኒ ሲቀዳ ቄጠማው አረንጓዴ ነበር።