ኢንቮይሱና ግምጃ ቤቱ ሲለያዩ፦ የግዢ ክፍያ ችግሮችና መፍትሄያቸው

የአቅራቢ ኢንቮይስ ጠረጴዛችሁ ላይ ደርሷል። ቼክ ከመጻፉ በፊት ሦስት ወረቀቶች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የግዢ ትዕዛዙ ምን፣ ስንት፣ በምን ዋጋ ለመግዛት እንደተስማማችሁ ይናገራል። የዕቃ ገቢው በእርግጥ የገባውን ይናገራል፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሞዴል 19 የሚባለው፣ በግል ድርጅት ብዙ ጊዜ ጂአርኤን የሚሉት እሱ ነው። ኢንቮይሱ ደግሞ አቅራቢው የጠየቀውን ይናገራል። ከተስማሙ ይከፈላል፤ ካልተስማሙ ክፍያው ይቆማል።

የሚያስቸግረው ከቆመ በኋላ ያለው ነው። አቅራቢው ይደውላል፣ ሳይቱ ዕቃ ይፈልጋል፣ ኃላፊው «ለምን አልተከፈለም?» ይላል። የልዩነቱን ምንጭ ቶሎ ካላገኛችሁት «በኋላ ይስተካከላል» ተብሎ ይፈረማል። ስለዚህ ከምልክቱ ተነስተን ምንጩን እንፈልግ። ምሳሌዎቼ የግንባታ ዕቃዎች ናቸው፤ ፌሮና ሲሚንቶ ላይ ይህ ችግር ይበዛል። ዋጋዎቹን ለስሌት ያህል ብቻ ውሰዷቸው።

ምልክት፦ ትዕዛዙና ገቢው ይገጥማሉ፣ ኢንቮይሱ ግን በሌላ መለኪያ ነው የመጣው

ትዕዛዙ «ባለ 12 ፌሮ፣ 500 ቤርጋ፣ ኪሎው 120 ብር ከቫት በፊት» ይላል። ገቢው 500 ቤርጋ ይላል። ኢንቮይሱ ግን 5,600 ኪሎ ብሎ መጣ። 672,000 ብር፣ 15 በመቶ ቫቱ 100,800፣ ጠቅላላው 772,800 ብር።

ብዙ ሂሳብ ሠራተኛ እዚህ ላይ 500ን ከ500 ያስተያይና ይፈርማል። ኪሎው ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ስህተቱ የተጀመረው ግን ትዕዛዙ ሲጻፍ ነው፤ ብዛቱ በቤርጋ፣ ዋጋው በኪሎ ተጽፏል። ከሁለቱ አንዱን ወደ ሌላው የሚቀይር ቁጥር ወረቀቱ ላይ የለም። ክፍተቱን አቅራቢው በራሱ ቁጥር ሞላው።

መፈተሻው ቀላል ነው። የፌሮ ክብደት በሜትር የሚገኘው ውፍረቱን በሚሊሜትር በራሱ አባዝቶ ለ162 በማካፈል ነው። ለባለ 12፣ 144 ለ162 ሲካፈል 0.889 ኪሎ በሜትር ይመጣል። አንዱ ቤርጋ 12 ሜትር ስለሆነ 10.67 ኪሎ ገደማ ነው። 500 ቤርጋ ማለት 5,333 ኪሎ ያህል ነው። ኢንቮይሱ ከዚህ በ267 ኪሎ ይበልጣል፣ 5 በመቶ መሆኑ ነው። ፌሮ ከስሌቱ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል፤ ይህን ያህል ልዩነት ግን ያለ ማስረጃ አይታለፍም።

ማስረጃው የመኪና ሚዛን ትኬት ነው። መኪናው ጭኖ ሲገባ ይመዘናል፣ አራግፎ ባዶውን ሲወጣ ይመዘናል፣ ልዩነቱ የፌሮው ክብደት ነው። ትኬቱ 5,210 ኪሎ አለ እንበል። የሚከፈለው በዚህ ነው፦ 5,210 በ120 ሲባዛ 625,200፣ ቫቱ 93,780፣ ጠቅላላው 718,980 ብር። ከተጠየቀው በ53,820 ብር ያንሳል። ከአቅራቢው ሂሳብ ይቀነሳል እንጂ በግምት ክርክር አይገባም፤ ትኬቱ እጃችሁ ላይ ነው። ፌሮው ከስሌቱ ከ2 በመቶ በላይ መቅለሉ ደግሞ ለሳይት መሐንዲሱ መነገር አለበት። ውፍረቱ የታዘዘው ነው ወይ የሚለው የእሱ ጥያቄ ነው፣ የፋይናንስ አይደለም።

አንድ ነገር አትርሱ። ኢንቮይሱ ላይ በእስክሪብቶ ሰርዛችሁ አዲስ ቁጥር አትጻፉ። አቅራቢው ቫት ያስታወቀበት፣ እናንተም ተመላሽ የምትይዙበት ሰነድ ነው። ወይ አቅራቢው አስተካክሎ በሌላ ይተካው፣ ወይ ለልዩነቱ ክሬዲት ኖት ይስጥ። እስኪመጣ ክፍያው ይቆያል።

ለወደፊቱ ትዕዛዙ ላይ ብዛቱም ዋጋውም በአንድ መለኪያ ይጻፍ፣ ገቢውም በዚያው ይቆረጥ። ሲሚንቶም እንዲሁ ነው። በኩንታል ታዝዞ በከረጢት ሲገባ፣ ከረጢቱ 50 ኪሎ ስለሆነ 160 ከረጢት 80 ኩንታል ነው። ቅየራው ገቢው ላይ ካልሰፈረ 160ን «160 ኩንታል» ብሎ የሚያነብ አይጠፋም።

ምልክት፦ ሦስቱም ወረቀቶች ሁልጊዜ ይገጥማሉ፣ ቆጠራ ሲደረግ ግን ዕቃው ይጎድላል

በጣም የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። ፋይሉ ንጹህ ነው፣ ኦዲተርም ወረቀት ብቻ ካየ ያልፈዋል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ገቢው የተቆረጠው ዕቃ ተቆጥሮ ሳይሆን ከኢንቮይሱ ላይ ተገልብጦ ነው። ሦስት ወረቀት አላችሁ፣ ምስክሩ ግን ሁለት ብቻ ነው። ገቢው የኢንቮይሱ ቅጂ ነው።

እንዴት ይታወቃል? የቅርብ ጊዜ ገቢዎችን አውጡና ከኢንቮይሶቻቸው ጋር አስተያዩ። የዕቃዎቹ ቅደም ተከተል አንድ ከሆነ፣ ኢንቮይሱ ላይ ያለው የፊደል ግድፈት ገቢው ላይም ካለ፣ ወሩን ሙሉ አንድም የተሰበረ ወይም የተመለሰ ዕቃ ካልተመዘገበ ገልባጭ አለ ማለት ነው። ብሎኬት፣ ሴራሚክና ቆርቆሮ ተጭነው መጥተው አንድም ሳይሰበር ሁልጊዜ ሊገቡ አይችሉም። ዕቃው ዓርብ ማታ ገብቶ ገቢው ሰኞ ጠዋት ኢንቮይሱ ሲመጣ ከተቆረጠም እዚያ ቁሙ።

ሁሌ ሌብነት ነው ማለቴ አይደለም። ብዙ ጊዜ ስቶር ኪፐሩ ብቻውን ነው፣ ሹፌሩ እያጣደፈው ነው፣ መጻፊያ ተብሎ የተሰጠው ደግሞ የአቅራቢው ወረቀት ነው። መልሱ ተጽፎ ከተሰጠው ለምን ይቆጥራል?

መፍትሄው መልሱን መንሳት ነው። ለግምጃ ቤት የሚላከው የትዕዛዝ ቅጂ ላይ የዕቃው ዓይነትና መለኪያው ይኑር፣ ብዛቱና ዋጋው ይሸፈን። ስቶር ኪፐሩ ባዶውን ቦታ ቆጥሮ ይሞላል። ኢንቮይሱ በግምጃ ቤት በኩል አይለፍ፣ በቀጥታ ፋይናንስ ይግባ። ከዕቃው ጋር የሚመጣው የማስረከቢያ ወረቀት ብዛት ስለሚጽፍ፣ ቆጠራው ካለቀ በኋላ ብቻ ይታይ፤ ልዩነት ካለ ሹፌሩ እዚያው ይፈርምበት። ሹፌሩ ከሄደ በኋላ የሚነሳ ጉድለት ክርክር እንጂ ማስረጃ የለውም።

ገቢው ወደ ፋይናንስ በማን እጅ እንደሚሄድም ወሳኝ ነው። ዕቃውን የገዛው ሠራተኛ ሦስቱንም ሰብስቦ የሚያመጣ ከሆነ ማመሳከር የለም፤ አንድ ሰው አቀናብሮ ያመጣው ፋይል ነው ያለው። የገቢው ዋና ቅጂ ከግምጃ ቤት በቀጥታ ይምጣ። ጥራዙ ተከታታይ ቁጥር ይኑረው፣ የተበላሸው ቅጠል ሳይቀደድ ቮይድ ተብሎ እዚያው ይቅር።

እዚህ ላይ የዚህ አሠራር ወሰን መታወቅ አለበት። ገዢውና አቅራቢው ተነጋግረው ዋጋውን ትዕዛዙ ላይ ቀድመው ካስወደዱት ሦስቱም ወረቀቶች በትክክል ይገጥማሉ። እሱ የሚያዘው በፕሮፎርማ ውድድር ላይ ነው እንጂ በክፍያ ጠረጴዛ ላይ አይደለም።

ምልክት፦ ለአንድ ትዕዛዝ ሁለት ጊዜ ተከፍሏል

200 ኩንታል ሲሚንቶ ታዘዘ። 120ው መጣ፣ ኢንቮይሱ ቀረበ፣ ተከፈለ። ከሳምንታት በኋላ 80ው መጣ። አቅራቢው አሁን «ለሙሉ ትዕዛዙ» ብሎ የ200 ኩንታል ኢንቮይስ ላከ። ሂሳብ ሠራተኛው ትዕዛዙን አየ፣ 200። ኢንቮይሱን አየ፣ 200። ሁለቱን ገቢዎች ደመረ፣ 200። ሁሉም ገጠመ። 120 ኩንታል ሁለት ጊዜ ተከፈለ።

ማመሳከሩ በትክክል ተሠርቷል፣ ግን ያለፈውን ክፍያ አላየም። በከፊል የሚገባ ዕቃ ላይ ሦስት ቁጥር አይበቃም፤ ቀደም ሲል የተከፈለበት ብዛት አራተኛ ሆኖ መግባት አለበት። ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ፣ ለእያንዳንዱ የዕቃ ዓይነት በኤክሴል አንድ መስመር ያዙ። በ`C` የታዘዘው፣ በ`D` እስካሁን የገባው፣ በ`E` ቀደም ሲል የተከፈለበት፣ በ`F` አሁን የተጠየቀው ይግባ፦

```
=MIN(F2,MAX(0,MIN(C2,D2)-E2))
```

በምሳሌያችን 200፣ 200፣ 120፣ 200 ስታስገቡ 80 ይመልሳል። የሚከፈለው ይኸው ነው። ከታዘዘው በላይ ቢገባም ቀመሩ ከትዕዛዙ አያልፍም፤ ትርፉን ለመቀበል ትዕዛዙ በሚመለከተው ኃላፊ መሻሻል አለበት።

ሌላው የድርብ ክፍያ መንገድ ፎቶ ኮፒ ነው። አቅራቢው «የመጀመሪያው ጠፋ እንዴ?» ብሎ ኮፒ ይልካል፣ ዋናው ደግሞ ሌላ ፋይል ውስጥ ተከፍሎ ተቀምጧል። በዋናው ብቻ ክፈሉ። ሲከፈልም ኢንቮይሱም ገቢውም ላይ «ተከፍሏል» የሚል ማህተምና የቼክ ቁጥሩ ይረፍበት። ገቢው ላይ ያለው ማህተም ዋናው ነው፤ ኢንቮይስ አቅራቢው ደጋግሞ ሊያትም ይችላል፣ ገቢውን ግን የምትቆርጡት እናንተ ናችሁ።

ምልክት፦ ብዛቱ ልክ ነው፣ ዋጋው ግን ይበልጣል

የኢንቮይሱን ዋጋ ለትዕዛዙ ዋጋ አካፍሉ። 1.15 ከመጣ የዋጋ ጭማሪ ሳይሆን ቫት ነው፤ አንዱ ወረቀት ቫትን ጨምሮ፣ ሌላው ሳይጨምር ጽፏል። ፕሮፎርማውን አውጡና ዋጋው ከቫት በፊት ነው ወይስ ከነቫቱ ነው የሚለውን እዩ። ከዚያ በላዩ ላይ እንደገና ቫት እንዳልተደመረበትም አረጋግጡ።

1.15 ካልሆነ አቅራቢው ዋጋ ቀይሯል። በስልክ ከገዢው ጋር ተስማምቶ ሊሆን ይችላል፣ ፋይናንስ ግን በስልክ አይከፍልም። የተሻሻለ ትዕዛዝ በጽሑፍ ይምጣ፣ አለበለዚያ በትዕዛዙ ዋጋ ይከፈል። ሳንቲም ለሚሆን የማጠጋጋት ልዩነት ጊዜ እንዳታባክኑ፣ ምን ያህል ብር ድረስ ያለ ጥያቄ እንደሚታለፍ በጽሑፍ ይወሰን። ወሰኑ በብር ይሁን። በመቶኛ ብቻ ከሆነ ትልቅ ኢንቮይስ ላይ ትልቅ ገንዘብ ያሳልፋል።

ምልክት፦ ትዕዛዙ ከኢንቮይሱ በኋላ ተጽፏል

ቀኖቹን ተመልከቱ። ትዕዛዙ ከገቢው በኋላ ያለ ቀን ከያዘ፣ ዕቃው ያለ ትዕዛዝ ተገዝቶ ወረቀቱ ለፋይሉ ሲባል ተሞልቷል። እንዲህ ያለ ትዕዛዝ ከኢንቮይሱ ስለተገለበጠ ሁልጊዜ ይገጥማል፣ ስለዚህ ምንም አይፈትሽም። አስቸኳይ ግዢ ከሆነ በግልጽ «አስቸኳይ» ተብሎ፣ ምክንያቱ ተጽፎና ኃላፊ ፈርሞበት ይቅረብ፤ ዋጋው ደግሞ ካለፈው ግዢ ወይም ከሌላ ፕሮፎርማ ጋር ይነጻጸር።

ገንዘቡ ወጥቶ ከሆነስ?

ከአቅራቢው የሂሳብ መግለጫ ጠይቁ፤ በእሱ መዝገብ ከእናንተ የተቀበለው ሁሉ ከነቀኑ ይታያል። ከእናንተ ክፍያ ጋር በመስመር በመስመር አስተያዩ። ድርብ የሆነውን ከሁለቱ ገቢዎችና ከቼክ ቁጥሮቹ ጋር አያይዛችሁ በደብዳቤ አሳውቁ። ግንኙነቱ ከቀጠለ ከሚቀጥለው ክፍያ ይቀነሳል፣ ግን ያለ ክሬዲት ኖት አትቀንሱ፤ ቫቱ በሁለታችሁም መዝገብ መስተካከል አለበት። እስኪመለስ ድረስ ገንዘቡ በወጪ ውስጥ ተደብቆ አይቅር፤ በአቅራቢው ስም ተሰብሳቢ ሂሳብ ሆኖ ይመዝገብ።