የቡና ፍሬ ዘር መሆኑን በምላጭ ማየት፣ የዲካፍን ካፌይን ደግሞ በጀበና ማስላት

ነገሩ የተነሳው ሰበታ እኛ ግቢ ውስጥ ነው። እናቴ ልቧ እየመታ ሲያስቸግራት ሀኪሙ ቡና ቀንሺ አላት፣ አክስቴ ከውጭ ስትመጣ ካፌይኑ የወጣለት ቡና፣ ዲካፍ የሚሉትን፣ ይዛላት መጣች። ጎረቤታችን እማማ አንድ ፉት አሉና "ይሄማ ቡና አይደለም፣ ባቄላ ቆልተው ነው" ብለው ፈረዱ። እኔም ቡና ራሱ ምንድነው የሚለውን ከስሩ ልይ ብዬ ገባሁበት።

መጀመሪያ ከሱቅ ጥሬ ቡና፣ አስር ፍሬ ይበቃል። ፍሬ እንላለን እንጂ እውነተኛው ፍሬ ቀዩ እሸት ነው፣ እኛ የምንቆላው በውስጡ ጠፍጣፋ ጎናቸውን አገጣጥመው የተቀመጡትን ሁለት ዘሮች ነው (አንዳንዴ አንዱ ብቻ ያድግና ድቡልቡል ይሆናል)። ስንቆላ የሚበነው፣ ስንጥቁ ውስጥ ደግሞ ተጣብቆ የሚቀረው ስስ ገለፈት የዘሩ ቆዳ ነው።

ቀጥሎ ለብ ባለ ውሃ አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን መዘፍዘፍ፣ ውሃውን እየቀየራችሁ። ይሄን አትዝለሉ። እኔ ደረቁን በቢላ ልቁረጥ ብዬ ፍሬው ተፈናጥሮ አውራ ጣቴን ቆረጥኩ።

አሁን ዋናው ጣጣ፣ ዘሩ ውስጥ የተደበቀውን ሽል፣ ችግኝ የሚሆነውን፣ ማግኘት ነው። ቢላ አይሆንም፣ አዲስ ምላጭ ነው የሚሰራው። ሁሉም ሰው በስንጥቁ በኩል ነው የሚከፍተው፣ እኔም ሶስት ፍሬ እንደዛ አበላሽቼ ምንም አላገኘሁም። ሽሉ ያለው በተቃራኒው፣ በጎባጣው ጀርባ በኩል፣ ወደ አንዱ ጫፍ ተጠግቶ ነው። የትኛው ጫፍ እንደሆነ ከውጭ ስለማይለይ ሁለቱንም ሞክሩ፣ ልክ ድንች እንደሚላጥ ስስ ስስ እያደረጋችሁ ፋቁ። ከሌላው ሰውነት የነጣ፣ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር የሚሆን ነገር ብቅ ይላል፣ በመርፌ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ብታወጡት አንዱ ጫፉ ዱላ መሰል ነው፣ ስር የሚሆነው እሱ ነው፣ ሌላው ጫፉ ላይ ሁለት ስስ ቅጠሎች ተደራርበዋል። የቀረው ጠንካራው አካል በሙሉ የዚህች ችግኝ ስንቅ ነው። ባቄላ ብትዘፈዝፉ ልጣጩ ወልቆ ለሁለት ክክ ይላል፣ ቡና ግን አይከካም፣ የእማማ ክስ እዚህ ጋር ወደቀ።

ልትከል ካላችሁ ግን ከእርሻ የመጣ ትኩስ ዘር ፈልጉ፣ የሱቅ ቡና ብዙ ጊዜ በወራት ቆይታ የመብቀል አቅሙን ያጣ ነው፣ የእኔ ሁለት ወር ሙሉ ውሃ ሳጠጣው ከርሞ በሰበሰ።

የዘፈዘፍኩበት ውሃ ሻይ መስሎ ሳየው "በቃ ካፌይኑ ወጣ" ብዬ ግማሽ ኪሎ አሳደርኩ፣ ሰፌድ ላይ አድርቄ ቆላሁት። ገለባ ገለባ አለ፣ እናቴም እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አይኗን አልከደነችም። ቀዝቃዛ ውሃ ጣዕሙንም ያጥባል፣ ከውስጥ ያለው ካፌይን ግን ቶሎ አይለቅም። ፋብሪካዎቹም ጥሬውን ነው የሚያዘጋጁት፣ በእንፋሎት ወይም በሙቅ ውሃ ካሳበጡት በኋላ ካፌይኑን በኬሚካል ወይም በተጨመቀ ካርቦንዳይኦክሳይድ ይስቡታል፣ አንዳንዶቹ ደግሞ የቡናው ሌላ ነገር አስቀድሞ የሞላበት ውሃ ይጠቀማሉ፣ ያኔ ከፍሬው በብዛት የሚወጣው ካፌይኑ ይሆናል። እቤት አትሞክሩት፣ ቡና ማባከን ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። የእኛ ቡና አረቢካ ነው፣ ከክብደቱ 1.2 በመቶ አካባቢ ካፌይን አለው። 40 ግራም ወቅጣችሁ ብታፈሉ 480 ሚሊግራም ማለት ነው፣ አራት ሰው ከአቦል እስከ በረካ ከጠጣው ቢበዛ 120 ይደርሰዋል። ዲካፉ ላይ 97 በመቶው ወጥቷል ከተባለ ከ480ው የሚቀረው 14 ገደማ ነው፣ ለአንድ ሰው አራት እንኳን አይሞላም። ማሸጊያው ላይ መቶኛ ካልተጻፈ እኔ የምይዘው የአውሮፓን ጣሪያ ነው፣ የተቆላ ዲካፍ ከ0.1 በመቶ እንዳይበልጥ የሚለውን፣ በሱ ከሄድን ሙሉ ጀበናው እስከ 40 ሚሊግራም ሊይዝ ይችላል።

እናቴ ታዲያ "ካፌይን የለውም" ስለተባለች ያንን ጀበና ጠዋትና ማታ ብቻዋን ትጨርሰው ነበር፣ 80 ሚሊግራም፣ ድሮ ከጎረቤት ጋር ተካፍላ ከምትጠጣው ብዙም የማይርቅ። አሁን ትንሿን ጀበና አውጥተንላት 20 ግራም ብቻ ታፈላለች፣ ማታ የለም። እማማ አሁንም ባቄላ ነው እያሉ በረካውን ይጠጣሉ።