ጡብ ስንቆጥር የምንሳሳታቸው ስህተቶች

ድሬዳዋ፣ ሰቢያን፣ ጎረቤቴ ግቢ ጥግ ላይ አንድ የጡብ ክምር አለ። ከ3,000 በላይ ይሆናል። ቤቱ ካለቀ ቆይቷል። ክምሩ ግን አሁንም እዚያው ነው። ከምሳ በኋላ ጥላ ሲወድቅበት ሰው ጀርባውን አስደግፎ ይጫወትበታል። «አቦ፣ ለአጥር ይሆነኛል» ይላል ጎረቤቴ። አጥሩ ግን በብሎኬት ታጥሯል።

ነገሩ የመጣው ከሂሳብ ነው። ቤቱ በውጭ በኩል 8 ሜትር በ6 ሜትር ነው። የግድግዳው ከፍታ 2.80 ሜትር፣ ውፍረቱ 25 ሳንቲ ሜትር ነው። የውስጥ ክፍልፋዩ በብሎኬት ስለተሠራ እሱን እንተወው። 11,000 ጡብ ያስፈልጋል ተባለ፣ 11,000 ተገዛ። አንድ ቀን ሜትር ይዤ አብረን ደግመን ሠራነው። የትኛው ስህተት ስንት ጡብ እንዳስበላው አንድ በአንድ ወጣ።

ሞርታሩን መርሳት

ትልቁ ይኼ ነው። አብዛኛው ጡብ 24 በ12 በ6 ሳንቲ ሜትር ነው። ከፊት ሲታይ 24 በ6 ነው። ሰው ይህንን ያባዛና 144 ያገኛል። አንድ ካሬ ሜትር 10,000 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ለ144 ሲካፈል ወደ 69 ተኩል ይመጣል። የ25 ሳንቲው ግድግዳ ሁለት ጡብ ጎን ለጎን ስለሆነ እጥፉ፣ ማለትም 139 ይሆናል።

ግን ጡብ በጡብ ላይ በባዶ አይቀመጥም። ከጎኑ 1 ሳንቲ፣ ከላዩ 1 ሳንቲ ሞርታር አለ። ስለዚህ አንድ ጡብ ግድግዳው ላይ የሚይዘው ቦታ 25 በ7፣ ማለትም 175 ካሬ ሳንቲ ነው። 10,000 ለ175 ሲካፈል 57 ይሆናል። ይኼ ለ12 ሳንቲ ግድግዳ ነው። ለ25 ሳንቲው 114 ነው። 25 ሳንቲ የሚለው ውፍረት ራሱ የመጣው ከዚሁ ነው፤ 12 እና 12፣ መሃል ላይ 1 ሳንቲ ሞርታር።

በካሬ የ25 ጡብ ልዩነት ማለት ነው። ጎረቤቴ ግድግዳውን 78.40 ካሬ ብሎ ነበር የያዘው። 78.40 በ25 ሲባዛ 1,960 ጡብ ነው። ከክምሩ ከግማሽ የሚበልጠው እዚህ ጋ ተገኘ።

የጡቡን ልክም የሞርታሩንም ውፍረት በአፍ መቀበል

«24 በ12 በ6 ነው» ይልሃል ሻጩ። ሊሆን ይችላል። ጡብ ግን ጭቃ ሆኖ ተሠርቶ፣ ደርቆ፣ ተተኩሶ ነው የሚወጣው። በየደረጃው ይኮማተራል። አንዱ ምድጃ ያወጣው ከሌላው ሊለይ ይችላል። 25 ሳንቲ የሆነም አለ። 25 ከሆነ በካሬ 57 መሆኑ ይቀርና 55 ይሆናል። እኔ የማደርገው ቀላል ነው። ከክምሩ ላይ ሳልመርጥ 10 ጡብ አነሳና መሬት ላይ ጫፍ ለጫፍ እደረድራቸዋለሁ። ከዚያ ሜትር እዘረጋለሁ። 2.40 ከመጣ ጡቡ 24 ነው። አንዱን ብቻ ለክቶ መወሰን አይሆንም።

የሞርታሩ ውፍረት የባሰ ነው። 1 ሳንቲ ብለን እንቆጥራለን፤ ግንበኛው 1.5 ይሠራል። በድሬ ሙቀት ይኼ በስንፍና ብቻ የሚመጣ አይደለም። ፀሐይ ላይ የዋለ ደረቅ ጡብ ሞርታሩ ላይ ሲቀመጥ ውኃውን ወዲያው ይመጠዋል። ግንበኛው ጡቡን መታ መታ አድርጎ ወደ ሲባጎው ሊያወርደው ሲል ሞርታሩ ደርቆ አልወርድም ይላል። ከዚያ ወፍራሙን እንደያዘ ይቀራል። ጡቡ ከመገንባቱ በፊት ውኃ ከጠጣ ግን ለማስተካከል ጊዜ ይገኛል። በእጅ ሲያዩት እርጥብ ሆኖ ውኃ የማያንጠባጥብ ቢሆን ጥሩ ነው።

እንዴት ይታወቃል? 10 ረድፍ እንደተገነባ ከመጀመሪያው ጡብ ግርጌ እስከ 11ኛው ረድፍ መነሻ ለካ። 70 ሳንቲ መምጣት አለበት። 75 ከመጣ መጋጠሚያው 1.5 ነው።

ወፍራም ሲሆን ጡቡ ያንሳል፤ በካሬ ወደ 105 ይወርዳል። ሰው ይኼን ሲሰማ «ታዲያ ተረፈልኝ» ይላል። አልተረፈም። ለ25 ሳንቲ ግድግዳ በ1 ሳንቲ መጋጠሚያ በካሬ 0.05 ሜትር ኩብ ያህል ሞርታር ይበቃል። በ1.5 ሲሆን 0.07 ያልፋል። ሲሚንቶና አሸዋው ወደ 40 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። ግድግዳውም ደካማ ይሆናል።

ማዕዘኑን ሁለት ጊዜ መቁጠር

8 ሲደመር 6፣ እጥፉ 28 ሜትር። ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚጀምረው። ግን የ8 ሜትሩ ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከተቆጠረ የ6 ሜትሩ ግድግዳ በመካከል ነው የሚገባው። በሁለቱም ጫፍ 25 ሳንቲው ቀድሞ ተቆጥሯል። ስለዚህ 5.50 ነው። ሁለት 8 እና ሁለት 5.50 ሲደመር 27 ሜትር። በአጭሩ፣ ከውጭው ዙሪያ ላይ አራት ጊዜ ውፍረቱን ቀንስ። 1 ሜትር በ2.80 ከፍታ ወደ 320 ጡብ ነው። ከሌሎቹ አንጻር ትንሽ ነው፤ ግን በነጻ አልተገዛም።

ትክክለኛው ጥቅል ስፋት እንግዲህ 27 በ2.80፣ 75.60 ካሬ ነው። 2.80 ደግሞ በ7 ሲካፈል ልክ 40 ረድፍ ይሰጣል። ከፍታ ስትወስን በ7 ከሚካፈል ቁጥር ጋ ብታስጠጋው መጨረሻው ረድፍ ላይ ጡብ መሰንጠቅ አይኖርም።

በርና መስኮቱን አለመቀነስ፣ ወይም በተሳሳተ ልክ መቀነስ

«በርና መስኮቱ ለስባሪው ይሁን» የሚል ግንበኛ ብዙ ነው። ጎረቤቴም የተባለው ይኸው ነው። እስቲ እንየው። ሁለት በር 0.90 በ2.10 አለው፤ ለሁለቱ 3.78 ካሬ። አራት መስኮት 1.20 በ1.20፤ ለአራቱ 5.76። ድምሩ 9.54 ካሬ፣ 1,088 ጡብ ነው። ስባሪ ይህን ያህል አይሆንም። ደግሞ መስኮቱ ሲሰፋ ስባሪው አብሮ አይበዛም። ቤትህ ትልልቅ መስኮት ካለው ይህ ዘዴ የበለጠ ያከስርሃል።

ሲቀንሱ ደግሞ የሚሳሳቱት በልኩ ነው። የሚቀነሰው ግድግዳው ላይ የሚቀረው ቀዳዳ ነው። መዝጊያው ወይም መስታወቱ አይደለም። መዝጊያው 80 ሳንቲ ቢሆን ከነመቃኑ 90 ሊደርስ ይችላል። ፕላኑ ላይ የተጻፈው የትኛው እንደሆነ በር የሚሠራልህን ሰው ቀድመህ ጠይቅ። ለአየር የሚተዉ ትንንሽ ቀዳዳዎችን ግን አትቀንስ፤ ዙሪያቸውን ለመሥራት የሚሰነጠቀው ጡብ ያካክሰዋል።

በነገራችን ላይ፣ ለግንበኛው የእጅ ዋጋ የሚለካው ካሬና ለጡብ የሚለካው ካሬ አንድ ላይሆን ይችላል። በርና መስኮቱን ሳትቀንስ ልትከፍለው ተስማምተህ ሊሆን ይችላል፤ ጠርዝ ማውጣት ድካም አለው። ችግሩ ያንኑ ቁጥር ይዘህ ጡብ ልትገዛ ስትሄድ ነው። ሁለቱን ለየብቻ ጻፋቸው።

አርኪትራቩን መርሳት

ይኼን እኔም ረስቼው አውቃለሁ። እዚህ ቤት ላይ ከበሩ ራስ በላይ ዙሪያውን የሚዞር የኮንክሪት አርኪትራቭ አለ። 20 ሳንቲ ነው፤ ከሞርታሩ ጋር 21፣ ማለትም ሦስት ረድፍ። እዚያ ውስጥ ጡብ የለም። 27 በ0.21፣ 5.67 ካሬ፣ ወደ 646 ጡብ ነው። አርኪትራቩ የሚያርፈው በርና መስኮቱ ላይ ብቻ ከሆነ ግን ዙሪያውን ሙሉ እንዳትቀንስ። ርዝመቱን ግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ ከሚያርፈው ጋር ለክተህ ያንኑ ብቻ ቀንስ።

አሁን ሁሉንም እናምጣው። ከ75.60 ላይ 9.54 እና 5.67 ሲቀነስ 60.39 ካሬ ይቀራል። በ114 ሲባዛ 6,884 ጡብ። ለዚህ ነበር 11,000 የተገዛው።

የውስጡን ግድግዳ በውጩ ቁጥር ማባዛት

የውስጥ ክፍልፋይህም ጡብ ከሆነና ውፍረቱ 12 ሳንቲ ከሆነ በ57 ነው የሚባዛው። ካሬውን ከውጩ ጋር ደምረህ በ114 ካባዛህ የክፍልፋዩን እጥፍ ገዛህ። ለየብቻ አስላ፣ ጡቡን መጨረሻ ላይ ደምር።

ስባሪን ቀድሞ መጨመር፣ ሲራገፍ አለመቁጠር

ስባሪ የሚጨመረው ሁሉም ከተቀነሰ በኋላ ነው። በደህና መንገድ ከቅርብ ለሚመጣ ጡብ እኔ 5 በመቶ እይዛለሁ። መኪናው የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ የሚመጣ ከሆነ 7 አደርገዋለሁ። 6,884 ላይ 7 በመቶ ሲጨመር 7,366 ነው፤ 7,400 ብለህ እዘዝ። ለሁለት የተሰበረውን ደግሞ አትጣል። የበርና የመስኮት ጠርዝ ላይ በየሁለተኛው ረድፍ ግማሽ ጡብ ያስፈልጋል። ደህናውን ጡብ ለዚያ መሰንጠቅ የለብህም።

ከመኪና ሲወርድ ደግሞ ዝም ብሎ እንዳይከመር። አውራጆቹን ከመጀመራቸው በፊት አናግራቸው። 10 ጡብ በርዝመት፣ 2 በጎን፣ 10 ወደ ላይ አድርገው ይደርድሩት። አንዱ ድርድር 200 ነው። 7,400 ጡብ 37 ድርድር ይሆናል። ሻይህን እየጠጣህ ትቆጥረዋለህ።